ሦስት ቦታ የተጻፈው ሰዓት

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ማታ ስልኬ ጮኸ። ደዋይዋ ከአዲስ አበባ ባሏንና ሁለት ልጆቿን ይዛ የመጣች ደንበኛችን ናት። ድሬዳዋ በአውሮፕላን ገብተው፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማውን ዳገት በመኪና ወጥተው ሐረር የደረሱት ልጆቹ ጅብ ሲያበሉ ለማየት ስለጓጉ ብቻ ነው።

«ወንድሜ፣ 2 ሰዓት ተኩል ብላችሁ አይደል እንዴ የጻፋችሁት? ሰውየው ቅርጫቱን ሰብስቦ ሄዷል። ልጆቼ እያለቀሱ ነው።»

አንጀቴ ተላወሰ። የጅብ ማብላቱ የሚጀምረው ጨለም ሲል፣ ምሽት 1 ሰዓት አካባቢ ነው። ይህንን ደግሞ በደንብ ጽፌዋለሁ። በማግስቱ በጠዋት ልጆቹን ጁገልን አስዞርኳቸው፣ ማታውንም ራሴ ይዣቸው ሄድኩ። ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ትክክለኛውን ሰዓት ጽፌ ሳለ ሴትየዋ 2 ሰዓት ተኩልን ከየት አመጣችው?

የምሠራው ሐረር ውስጥ በአንዲት ትንሽ የጉብኝት ቢሮ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት አራት ወራት የድረ ገጻችንን ጽሑፎች እንደ አዲስ ሳደራጅ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። ስለ ሐረር ጉብኝት ጠቅላላውን የሚናገር አንድ ትልቅ ገጽ ይኖራል፤ እኛ ምሰሶ ገጽ ነው የምንለው፣ ጎጆ መሃሉ ላይ እንደሚቆመው ምሰሶ ማለት ነው። ዙሪያውን ደግሞ አንድ አንድ ጉዳይ ብቻ የሚያብራሩ ደጋፊ ጽሑፎች ይኖራሉ፦ ስለ ጅቦቹ፣ ስለ ጁገል በሮች፣ ስለ ሐረሪ ቤት፣ ከድሬዳዋ ስለሚያመጣው መንገድ። ምሰሶው ወደ እያንዳንዳቸው ሊንክ ያደርጋል፣ እነሱም ወደ ምሰሶው ይመልሳሉ። አንባቢ በየትኛውም በኩል ቢገባ የሚፈልገውን ያገኛል፤ ጉግልም የትኛው ገጽ ስለምን እንደሆነ ይለያል።

እኔ ያደረግኩት ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ።

ስልኬን አውጥቼ ልክ እንደ ደንበኛ «ሐረር የጅብ ትርኢት ሰዓት» ብዬ ፈለግኩ። የመጣው የጅቦቹ ጽሑፍ አልነበረም። ምሰሶው ራሱ መጣ። ከፍቼ ወደ ታች ስወርድ፣ አቦ፣ ስለ ጅብ 600 ቃል የሚሆን ሙሉ ክፍል ተቀምጧል፣ «ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል» የሚለውም እዚያ መሃል አለ። ምሰሶውን ስጽፍ «የተሟላ ይሁን» ብዬ ከአንድ አሮጌ ጽሑፋችን ላይ ገልብጬ ያስገባሁት ነው። አዲሱን የጅብ ጽሑፍ ስሠራ ሰዓቱን አስተካከልኩ፤ ምሰሶው ላይ ያለውን ግን ረሳሁት። አሮጌው ጽሑፍም በቦታው ነበር። አንድ ሰዓት ሦስት ቦታ ተጽፏል ማለት ነው፣ ሁለቱ ስህተት።

ቢሮ ስደርስ ድረ ገጻችን በጉግል ፍለጋ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳየውን ጉግል ሰርች ኮንሶልን ከፈትኩ። Performance የሚለው ውስጥ ገብቼ፣ «ጅብ» የሚል ቃል ያለባቸውን ፍለጋዎች ብቻ አጣርቼ፣ Pages የሚለውን ነካሁ። የሦስት ወሩ ውጤት ሲመጣ ሦስቱም ገጾች ተደርድረዋል። ምሰሶው ከፍተኛውን ድርሻ ይዟል፣ አሮጌው ይከተላል፣ ጊዜ ወስጄ የጻፍኩት አዲሱ መጨረሻ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ለአንድ ፍለጋ ሁለት ገጽ መታየቱ ብቻውን ችግር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፣ ጉዳትም የለውም። ችግር የሚሆነው ለጥያቄው የማይሆነው ገጽ ሲቀድም ወይም ቀኖቹን ስታዩ ገጾቹ እየተፈራረቁ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ ነው። የእኛ ሁለቱም ነበረበት።

ምሰሶው ለምን ቀደመ? ሁለት ምክንያት አገኘሁ።

አንደኛው ያው የገለበጥኩት 600 ቃል ነው። የጅቡ ጉዳይ ምሰሶው ላይ ሙሉ በሙሉ ካለቀ ደጋፊው ጽሑፍ የሚጨምረው ነገር የለም። አንባቢም ጠቅ የሚያደርግበት ምክንያት አይኖረውም።

ሁለተኛው ሊንኩ ነው፣ እሱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ሰርች ኮንሶል ላይ Links የሚለው ክፍል ከራሳችሁ ድረ ገጽ ውስጥ ወደ እያንዳንዱ ገጽ የሚመጡትን ሊንኮች ይቆጥራል። ወደ ምሰሶው በርካታ ነበሩ። የጅቡ ጽሑፍ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም! እኔ ደግሞ በዓይኔ አያለሁ፣ ምሰሶው ላይ ፎቶ ያለው የሚያምር ካርድ አለ፣ ሲነካ የጅቡን ጽሑፍ ይከፍታል። ታዲያ የት ሄደ? ገጹን የሠራልን ልጅ ድሬዳዋ ነው፣ ደወልኩለት። «ካርዱን በጣትህ ተጭነህ ያዘው፣ በአዲስ ታብ ክፈት የሚል ይመጣል?» አለኝ። ያዝኩት። ምንም አልመጣም። «በቃ፣ ሊንክ አይደለማ» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ካርዱ የተሠራው በመጀመሪያው መንገድ ነው፤ መሆን የነበረበት በሁለተኛው፦

```
<span onclick="location.href='/harar/jib/'">ተጨማሪ ያንብቡ</span>

<a href="/harar/jib/">የጅብ ማብላት የሚጀመርበት ሰዓትና ቦታ</a>
```

ለሰው ጣት ሁለቱም አንድ ናቸው። ጉግል ግን ከገጽ ወደ ገጽ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚሄደው `href` ባለው `<a>` ነው፤ የመጀመሪያውን እንደ መንገድ አይቆጥረውም። ዘጠኙም ካርዶቻችን እንደዚያ ነበሩ። ምሰሶና ደጋፊ ብዬ የደከምኩበት ግንኙነት ከምሰሶው ወደ ታች ፈጽሞ አልነበረም ማለት ነው። ከታች ወደ ላይ ብቻ ነበር የሚሠራው፣ በዚያ ላይ የጅቡ ጽሑፍ ራሱ «ስለ ጅብ ትርኢት» በሚል ቃል ወደ ምሰሶው ይልክ ነበር። በገዛ እጄ ለጉግል «የጅቡን ጉዳይ እዚያ ጠይቅ» እያልኩት ነው።

በዚያ ሳምንት አንድ በዕድሜ የገፉ አስጎብኚ ቢሮ መጥተው ወረቀት ላይ የሣልኩትን አዩ። ሁኔታውን አስረዳኋቸው። ብዕሬን ተቀብለው ክብ ሣሉና አምስት ቦታ ቆረጡት። «ይኼ ጁገል ነው ልጄ። ሾዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ከየበሩ የሚገባው መንገድ ወደ መሃል ከተማ ያመጣሃል፣ መሃል ቆመህ ደግሞ ወደ የትኛውም በር ትወጣለህ። በሩ መሃል ከተማ ልሁን አይልም፣ መሃል ከተማውም በር ልሁን አይልም» አሉኝ። ወረቀቱን እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ማስተካከያውን ከምሰሶው ጀመርኩ። የጅቡን 600 ቃል ወደ አራት ዓረፍተ ነገር አወረድኩት። ምን እንደሆነ፣ ከግንቡ ውጭ እንደሚካሄድ፣ ለልጆች ይሁን አይሁን፣ ከዚያም ሊንኩ። ለመቁረጥ የተጠቀምኩበት መመዘኛ ይኸው ነው፦ አንባቢው «ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ» ብሎ ለመወሰን የሚያስፈልገው ምሰሶው ላይ ይቆያል፣ ከወሰነ በኋላ የሚያስፈልገው ሰዓት፣ አካሄድና ክፍያ ግን ደጋፊው ጽሑፍ ላይ ብቻ ይኖራል። የሚለዋወጥ ነገር ሁሉ ቤቱ አንድ ነው። መቁረጡ ያማል፣ አለቃዬም «ገጹ አጠረብን» ብላ ነበር። ግን ምሰሶው ባዶም መሆን የለበትም። የሊንክ ዝርዝር ብቻ ካደረጋችሁት ማንም አያነበውም።

ቀጥሎ አሮጌው ጽሑፍ። ደህና ደህና አንቀጾቹን ወደ አዲሱ አዛወርኩና አድራሻውን በቋሚነት ወደ አዲሱ እንዲመራ አደረግኩት፤ ሪዳይሬክት የሚባለው ነው። ድረ ገጻችን በሚሠራበት አፓቺ በሚባለው ሰርቨር ላይ አንድ መስመር ነው፦

```
Redirect 301 /jib-old/ /harar/jib/
```

ይህንን ቢያንስ አንድ ዓመት አትንኩት። ከሌላ ቦታ ወደ አሮጌው የሚጠቁም ሊንክ ሊኖር ይችላል። በራሳችን ገጾች ውስጥ ያሉትን ግን ሪዳይሬክቱ ያደርሳቸዋል ብዬ አልተውኩም፣ አንድ በአንድ ወደ አዲሱ አድራሻ ቀየርኳቸው።

ከዚያ የሊንኮቹ ቃል። «እዚህ ይጫኑ» እና «ተጨማሪ ያንብቡ» የሚሉትን በሙሉ አወጣሁ። ወደ ምሰሶው የሚመልሰው «የሐረር ጉብኝት መመሪያ» ይላል፣ ወደ ጅቡ የሚሄደው ስለ ጅቡ ይናገራል። ደጋፊዎቹን እርስ በርስ ያገናኘሁት ደግሞ አንባቢው በእርግጥ በሚሄድበት አቅጣጫ ብቻ ነው። ጅቡን ያየ ሰው መሽቶበታል፣ ስለዚህ ከጅቡ ጽሑፍ ወደ ማደሪያው ሊንክ አለ። ከጅቡ ወደ ሐረር ሰፌድ ግን አላደረግኩም። ሁሉን ከሁሉ ማያያዝ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚቀራረብ ያደበዝዘዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ሌላ ነገር አገኘሁ፣ በአማርኛ ለሚጽፍ ይጠቅማል። አንድ ባልደረባዬ ሰዎች የከተማዋን ስም «ሐረር»፣ «ሀረር»፣ «ሃረር» እያሉ ስለሚፈልጉ ለየፊደሉ አንድ አንድ ገጽ ሠርቶ ነበር። እውነት ነው፣ ሰርች ኮንሶል ላይ Queries በሚለው የፍለጋ ቃላት ዝርዝር ውስጥ ሦስቱም ለየብቻ ይታያሉ። ፈላጊው ግን አንድ ሰው ነው፣ የሚፈልገውም ያንኑ ነው። ሦስቱንም ወደ ምሰሶው አዋሃድናቸው።

ውጤቱ ቶሎ አልመጣም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት እንዲያውም ምሰሶው በጅብ ፍለጋ ወረደ፣ ደጋፊው ግን ገና አልወጣም፣ አለቃዬ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። በሁለተኛው ወር ግን የጅቡ ጽሑፍ Links ውስጥ መታየት ጀመረ፣ ቀጥሎም በጅብ ፍለጋ ምሰሶውን ቀደመው። የጁገል በሮች ጽሑፍ ግን እስከ ዛሬ ከምሰሶው ጋር እየተፈራረቀ ነው። እሱን አልነካሁትም፤ ሁለቱም ላይ የተጻፈው ትክክል ነው፣ አንባቢው በየትኛውም ቢገባ የሚጎድልበት የለም።

ባለፈው ሰሞን ሽማግሌው አስጎብኚ ብቅ አሉና ሰውየው አሁን ትንሽ ቀደም ብሎ እንደሚጀምር ነገሩኝ። አጠገባቸው ሆኜ ገጹን ከፈትኩ፣ አንዷን መስመር ቀየርኩ፣ አስቀመጥኩ።

«ሌላኛው ላይስ?» አሉኝ።

«ሌላ የለም ጋሼ።»