ሻይ የጠጣው ኪቦርድ

ውሃ የፈሰሰበት ላፕቶፕና ሻይ የፈሰሰበት ላፕቶፕ አንድ አይደሉም። ውሃው ዕድል ካለ ደርቆ ይሄዳል። የሻዩ ስኳር ግን እዚያው ይቀራል። እኛ ቢሮ ይህ የታየው በደመወዝ ሰሞን ነው።

ሒሳብ ክፍል ያሉት እትዬ ከሰዓት በኋላ ሻያቸው ኪቦርዱ ላይ ተደፋባቸው። በቀኝ በኩል፣ 0 እና P ባሉበት አካባቢ። በሶፍት ጠረግ ጠረግ አደረጉት። ሁሉም ፊደል ስለሠራላቸው ለማንም ሳይናገሩ እስከ ማታ ሠሩበት። ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ ፓስዎርዴን ማን ነው የቀየረብኝ?»

ማንም አልቀየረውም። በፓስዎርዱ ሳጥን ጫፍ ያለችውን የዓይን ምልክት ስጫን ነገሩ ታየ። አንዴ የተነካው 0 ሦስት ሆኖ ተጽፏል። P ሲነካ ደግሞ ሳይጠሩት [ እና ; አብረው ይመጣሉ።

ፊደል ተሳስቶ በተጻፈ ቁጥር ጥፋቱ የፈሳሽ አይደለም። u ሲነካ 4 የሚጽፍ ትንሽ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ Num Lock በርቶበት ነው። የአማርኛ መጻፊያው ሳይጠፋ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን አንድ ቁልፍ ብዙ ፊደል እያወጣ ስለነበር ሌላ ሰበብ መፈለግ አላስፈለገም። ባይሆን ጠርጣራ ሰው ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚመጣው BIOS ውስጥ መሞከር ይችላል። እዚያም ከተሳሳተ ችግሩ የሶፍትዌር አይደለም።

ማብሪያውን ተጭኜ ይዤ አጠፋሁት፣ ቻርጀሩንም ነቀልኩ። መደረግ የነበረበት ይህ ነው፣ ሻዩ በተደፋባት ደቂቃ። ፈሳሽና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ ነው ማዘርቦርድ የሚበላው። ቀጥሎ ላፕቶፑን ከፍቶ እንደ ድንኳን መድፋት ነው፣ ኪቦርዱ ወደ መሬት እንዲያይ። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ሳይበራ ይቆይ፣ ሁለት ቢሆን የተሻለ ነው። ከጎን ያለ ባልደረባችን «ሩዝ ውስጥ ቅበሩት» አለ። ሩዝ ስኳር አያወጣም። ብናኙ በየቀዳዳው ይገባል እንጂ። ለምሳ ይሁን።

የታች ክዳኑን ከፍቼ የባትሪውን ኬብል ነቀልኩ። ማዘርቦርዱ ላይ የሻይ ዱካ፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ፈለግሁ። የለም። ሻዩ ኪቦርዱ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ዱካ ቢኖር ኖሮ ሳልመልሰው በቀጥታ ለጠጋኝ ነበር የምሰጠው።

አሁን ወደ ቁልፎቹ። 0 ስትጫነው ቀስ ብሎ፣ እንደመለጠፍ እያለ ነው የሚመለስ። ይህ ጥሩ ዜና ነው። ቁልፉ ተጣብቆ ወደ ታች ስለሚቆይ ኮምፒውተሩ እንደተጫኑት ቆጥሮ ይደግማል፤ ማጽዳት ያድነዋል። የP ቁልፍ ግን እንደ አዲስ ነው፣ ሲጫኑትም ሲለቁትም ችግር የለበትም። ሆኖም ጓደኞቹን ይዞ ይመጣል።

ምክንያቱ ከሥር ነው። ከቁልፎቹ በታች ሦስት ስስ ፕላስቲኮች ተደራርበዋል። የላይኛውና የታችኛው ላይ የኤሌክትሪክ መስመሮች ታትመዋል፣ መካከለኛው ያለያያቸዋል። ቁልፍ ስንጫን ሁለቱ መስመሮች ይነካካሉ። አንድ መስመር ደግሞ ለብዙ ቁልፎች ያገለግላል። ስለዚህ ፕላስቲኮቹ መሀል የገባ ሻይ መስመሮችን ካገናኘ በአንድ ጊዜ በርከት ያሉ ቁልፎች ይታመማሉ፣ አንዳንዴም ሻይ ጠብ ያላለበት ቁልፍ ጭምር። ስኳሩ እርጥበት ስለሚይዝ ቶሎ አይደርቅም። በጥጥም አይደረስበትም።

በ0 ጀመርኩ። ላፕቶፑ እንደጠፋ፣ ባትሪው እንደተነቀለ ነው። የቁልፉን ክዳን በቀጭን ፕላስቲክ ከአንድ ጥግ ቀስ ብዬ አነሳሁ። ሥሩ ያለችው መቀስ መሳይ ነጭ ፕላስቲክ ትንሽ ጉልበት ትሰብራታለች። Space፣ Enter እና Shift ሥራቸው ሽቦ ስላለ ባይነሱ ይመረጣል። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በአልኮል አርሼ በደንብ ጨመቅሁት፣ መንጠባጠብ የለበትም። 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነው ቶሎ ይደርቃል። እኔ ያገኘሁት የፋርማሲውን 70 በመቶ ነው። እሱም ይሠራል፣ ቀሪው ውሃ ስለሆነ ግን ረዘም ያለ ማድረቂያ ጊዜ ይፈልጋል። ከቁልፉ ሥር ባለችው ጎማ ዙሪያ አሸሁ፣ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ጥጥ እየቀየርኩ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ደገምኩት። አሴቶን የተባለ ነገር አይጠጋም፣ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። የፀጉር ማድረቂያም አያስፈልግም። አልኮል እሳት ይይዛል፣ ሙቀቱም ፕላስቲክ ያጣምማል።

ደፍቼ አሳደርኩት። በማግስቱ 0 ዳነ። P እንዳመሉ ነው።

ኪቦርዱ መቀየር አለበት፣ ደመወዙ ግን አይጠብቅም። የደመወዝ ፕሮግራሙ ደግሞ ያለው እዚያው ማሽን ላይ ብቻ ነው። መጀመሪያ ፋይሎቹን ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ። ከስቶር የዩኤስቢ ኪቦርድ አመጣሁ። ችግሩ፣ የታመመው ኪቦርድ ማንም ሳይነካውም አልፎ አልፎ ይጽፋል። ደብዳቤ ላይ ቢሆን ይታለፋል። የደመወዝ ሰንጠረዥ ላይ አንድ ትርፍ አሃዝ 8500ን 85000 ያደርጋል። ስለዚህ ዝም ማሰኘት ነበረብኝ።

ቀላሉ መንገድ የኪቦርዱን ሪባን ከማዘርቦርዱ መንቀል ነው። የዚህኛው ማብሪያ ግን ኪቦርዱ ላይ ስለሆነ ሪባኑ ከተነቀለ ላፕቶፑ አይበራም። በዊንዶውስ በኩል ሄድኩ። የዩኤስቢው ኪቦርድ መሥራቱን ካረጋገጥኩ በኋላ Command Prompt በአስተዳዳሪ መብት ከፍቼ፦

```
sc qc i8042prt
sc config i8042prt start= disabled
```

i8042prt የውስጡን ኪቦርድ የሚያሠራው ድራይቨር ነው። የመጀመሪያው መስመር አሁን ያለበትን ሁኔታ ያሳያል፣ ሁለተኛው ያጠፋዋል። START_TYPE ያለውን ጻፉት፣ ለመመለስ ያስፈልጋል። የእኛው DEMAND_START ይል ነበር። ከእኩል ምልክቱ በኋላ ያለችው ክፍት ቦታ አትዘለል። PowerShell ውስጥ ደግሞ sc ሌላ ትእዛዝ ስለሆነ እዚያ አትሞክሩት። ማሽኑን Restart ሳደርገው የውስጡ ኪቦርድ ዝም አለ። ይህ የሚሠራው የውስጡ ኪቦርድ በድሮው PS/2 መንገድ ሲገናኝ ነው፣ አብዛኛው ላፕቶፕ እንደዚያ ነው። በአንዳንዱ ማውስ ፓዱም አብሮ ስለሚጠፋ የዩኤስቢ ማውስ አጠገብ ይኑር።

ውጫዊ ኪቦርድ ለሌለው ሰው Win + Ctrl + O የስክሪን ኪቦርድ ያወጣል። ለፓስዎርድና ለአጭር መልእክት ይበቃል። እትዬ ግን አንድ ስም ሞክረው «በዚህ ደመወዝ ልሠራ? ለፋሲካም አይደርስ» አሉ።

ደመወዙ በሰዓቱ ወጣ። አዲሱን ኪቦርድ ስናፈላልግ በላፕቶፑ ሆድ ላይ ያለውን ሞዴል ቁጥር ፎቶ አንስተን ነው የሄድነው። መልኩ አንድ ሆኖ ሪባኑ የማይገጥም ብዙ አለ። በስስ ላፕቶፖች ደግሞ ኪቦርዱ ከላይኛው አካል ጋር በቀለጠ ፕላስቲክ ስለሚያያዝ አካሉን ሁሉ መግዛት ሊመጣ ይችላል። የእኛ በቡሎን የታሰረ ነበርና ተረፍን።

ጠጋኙ ገጠመው፣ አበራው፣ ነካካው። አንድም ፊደል የለም። «የሰጧችሁ ዕቃ ሙት ነው» አለና ሊፈታው ዊንቹን አነሳ። የዩኤስቢውን ኪቦርድ ሰክቼ ይህን ጻፍኩ፦

```
sc config i8042prt start= demand
```

Restart አደረግሁት። P ብቻውን ወጣ።