«ከሦስት ሳምንት በፊት» እስኪል ስጠብቅ

ብሬኪንግ ባድን ጨረስኩ። 62 ክፍል። ሰው እ.ኤ.አ. በ2013 አይቶ የረሳውን እኔ ገና አሁን። የመጨረሻው ክፍል ሲያልቅ የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ቁጭ ብዬ አነበብኩ፤ መብራት የያዙትን ሳይቀር። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ሌላ ፊልም ሊያስጀምረኝ ሴኮንድ መቁጠር ጀመረ። ተናድጄ አጠፋሁት። ሐዘን ላይ ላለ ሰው እንዲህ ይደረጋል?

በማግስቱ ማታ ሰዓቱ ሲደርስ እጄ በልማድ ሪሞቱን አነሳ። የማየው ግን የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ትሬለር ብቻ ሳይ አመሸሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ከበሮ ይመታል፣ ይጨልማል፣ አንዱ በሹክሹክታ ያስፈራራል።

ጓደኛዬ ቤተር ኮል ሶልን እይ አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያው የብሬኪንግ ባዱ ጠበቃ ነው፣ ታሪኩም በአብዛኛው ከዚያ በፊት ያለው ነው። ከፈትኩት። አልቻልኩም። የሟቹን ወንድም የማየት ያህል ከበደኝ። መልኩ ይመሳሰላል፣ ያ ደግሞ ይብሳል። ለሌላ ጊዜ አቆየሁት።

ሌሎች የወንጀል ፊልሞችንም ሞከርኩ። አንዱንም ከ20 ደቂቃ በላይ አልታገስኩትም። ቆይቼ ሳስበው ጥፋቱ የኔ ነው። የአዲሱን የመጀመሪያ ክፍል የማወዳድረው ከድሮው የመጨረሻ ክፍል ጋር ነበር። ሰዎቹን አምስት ሲዝን ሙሉ ለምጄያቸዋለሁ፤ አዲሶቹን ገና ስማቸውን እንኳ አልያዝኩም። ለነገሩ የብሬኪንግ ባድም የመጀመሪያው ሲዝን 7 ክፍል ብቻ ሆኖ፣ መሃሉ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ያውቃል። ይሄን ረስቼዋለሁ። ስለዚህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ፦ ቢያንስ ሦስት ክፍል ሳላይ አልተውም።

እህቴ አንድ የመርማሪ ተከታታይ ፊልም ስታወድስ ሰምቼ ነበር። እሱን ፈልጌ ተጫንኩት። Skip Recap የሚል ነገር ብቅ አለ። እጄ ለምዶታል፣ ቶሎ ነካሁት።

ፊልሙ ተጀመረ። አንዲት ሴት መኪና ውስጥ ናት፣ እጇ ደም በደም ሆኗል። አጠገቧ አንድ ሰውዬ ያለቅሳል። ማን እንደሆኑ የሚናገር የለም። ደስ አለኝ! ብሬኪንግ ባድም እኮ የጀመረው ሰውዬው በውስጥ ሱሪ በረሃ ላይ መኪና ሲያከንፍ ነው፤ ከዚያ ነው ሦስት ሳምንት ወደኋላ የሚመለሰው። ይሄም አሁን ይመለሳል ብዬ ተመቻቸሁ።

አልተመለሰም። ሁለተኛው ክፍል ላይ አንድ ሽማግሌ በር አንኳኩቶ ገባ። ቤተሰቡ በሙሉ «በሕይወት አለህ!» ብሎ ተንጫጫ። መሞቱን ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። እንዴት ያለ ደራሲ ነው አልኩ፤ ተመልካቹን እንደ ሕፃን አያጎርስም። ወረቀት አምጥቼ ማን የማን ምን እንደሆነ በቀስት እየሳልኩ ተከታተልኩ። ለጓደኛዬም «የብሬኪንግ ባድን ምትክ አገኘሁ፣ ግን ጭንቅላት ይፈልጋል» ብዬ ጻፍኩለት።

ሦስተኛው ክፍል ላይ እህቴ ገባች።

«እንዴ! መቼ እዚህ ደረስክ?»

«ገና መጀመሬ ነው። ከመሃል ነው የሚነሳው፤ ታገሺ፣ ወደኋላ ይመለሳል።»

ሪሞቱን ተቀብላኝ አቆመችው። ከታች በኩል በደቃቅ ፊደል S3:E3 ይላል። ለካ ሁለቱን ሲዝን በኔ ፕሮፋይል አይታ ጨርሳለች። ማሽኑ ደግሞ ማን እንደተቀመጠ በምን ያውቃል? እሷ ካቆመችበት ቀጠለልኝ።

«ፊልሙ አይደለም ከመሃል የተነሳው፣» አለችኝ። «አንተ ነህ።»

ወረቀቴን አነሳችና አየችው። ትንሽ ዝም አለች።

«ባሏ ብለህ የጻፍከው አባቷ ነው።»

ያን ቀን የራሷን ፕሮፋይል ከፈትኩላት። እኔም ከ S1:E1 ጀመርኩ። እንዴት እንደሚያሰለች! ሁሉም እየተጨባበጠ ስሙን ይናገራል። ያ ሁሉ ምሥጢር፣ ያ ሁሉ ጥልቀት፣ የኔ ሥራ ኖሯል። ሦስት ክፍል የሚለው ሕጌ ባይኖር እዚያው እተወው ነበር፤ አራተኛው ላይ ግን ያዘኝ።

የመጀመሪያው ሲዝን ማለቂያ ላይ ሽማግሌው ወንዝ ገብቶ ጠፋ። እህቴ ለሁለተኛ ጊዜ እያየችው እንኳ እንባዋን ትጠርጋለች። ዞር ብላ አየችኝ።

«አንተ ግን ልብ የለህም?»

«ሲዝን 3 ላይ በር ያንኳኳል እኮ» አልኳት። እስክሪብቶዬን አንስቼም «ባሏ» የሚለውን ሰረዝኩ።