«ካርድሽ ላይ ተሳስተው ነው» ብያት ነበር

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ላብራቶሪ እሠራለሁ። ያን ቀን ጠዋት ወረፋው በዝቶ ስለነበር ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ቲዩቦቹ ላይ ቁጥር አስቀድሜ ጻፍኩ። ጥፋቱ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

22 ቁጥር አንዲት እማማ ነበሩ። ደም ስራቸው አልገኝ አለኝና «ውሃ ጠጥተው ይመለሱ» አልኳቸው። ቲዩባቸውን ግን ከመደርደሪያው አላነሳሁም። ቀጥላ የገባችው ነፍሰ ጡር 23 ነበረች፤ ደሟን 22 ላይ ቀዳሁት። ትኩሳት የያዘው ወጣት 24 ነበር፣ የእሱ ደም 23 ላይ ገባ። ለሥራ ቅጥር ሊመረመር የመጣው 25 ደግሞ 24 ላይ። እማማ ሲመለሱ የቀረው 25 ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነፍሰ ጡሯ ውጤቷን ይዛ መጣች። «ወንድሜ፣ እኔ ኦ ኔጌቲቭ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ በዚሁ ምክንያት መርፌ ተወግቻለሁ» አለችኝና የክትትል ካርዷን ዘረጋችልኝ። የእኔ ወረቀት ቢ ፖዘቲቭ ይላል።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ቀጥሎ ያደረግኩት ነው። ያንኑ ቲዩብ አውጥቼ ደገምኩት። ቢ ፖዘቲቭ። «ካርድሽ ላይ ተሳስተው ነው» ብዬ ሸኘኋት። ቲዩቡ የሌላ ሰው ከሆነ መቶ ጊዜ ቢደገም መልሱ ያው ነው! የደም ዓይነት ከካርድ ጋር ካልገጠመ አዲስ ደም መቅዳት ብቻ ነው መፍትሔው። አዋላጇ ቆጣ ብላ መልሳ ስታመጣት አዲስ ቀዳሁ፤ ኦ ኔጌቲቭ ሆነ።

ያኔ ፍሪጅ ውስጥ የቀሩትን ቲዩቦች በሙሉ አውጥቼ የደም ዓይነታቸውን ሠራሁ። ኦ ኔጌቲቭ የሆነው 22 ነበር። 24 እና 25 ግን ሁለቱም ኦ ፖዘቲቭ ወጡ፣ ስለዚህ የደም ዓይነት ብቻውን አይለያቸውም። አራቱንም እንደገና መቅዳት ነበረብኝ።

ኃላፊያችን «ተጣርቶ እስኪያልቅ ለታካሚ አትንገሩ» አለን። አልሰማሁትም። ዛሬም ቢሆን አልሰማውም። መጀመሪያ ስልክ ይደወል፣ ሪፖርቱ በኋላ ይደርሳል። የነፍሰ ጡሯ ሄሞግሎቢን 8.6 ሆኖ ሳለ 14.2 ተብላ ነበር። ደም ማነስ አለብዎት የተባሉት እማማ ናቸው። የሥራ ፈላጊውና የእማማ ልዩነት ትንሽ ነበር።

ወጣቱን ግን «ወባ የለብህም» ብለን ሰደነዋል፤ ብላድ ፊልሙን የሠራሁት ከ24 ቲዩብ፣ ማለትም ከሥራ ፈላጊው ደም ነበር። ስልኩ አልሠራ ሲል መልካ ጀብዱ ድረስ በባጃጅ ሄድኩ። በረንዳ ላይ ምንጣፍ ዘርግተውለት ተኝቷል። እናቱ እርጥብ ጨርቅ ግንባሩ ላይ ታደርግለታለች። ጣቱን ወግቼ ፈጣን ምርመራ ሠራሁ፤ ፋልሲፓረም ነበረበት። በዚያው ባጃጅ ክሊኒክ አምጥተነው ኮአርተም ጀመረ።

አሁን ቲዩብ ላይ የምጽፈው ደሙ ከተቀዳ በኋላ፣ ታካሚው ከወንበሩ ሳይነሳ ነው። ስሙን እኔ አልጠራለትም፣ እሱ ራሱ ይነግረኛል። ደም ስሩ ያልተገኘ ሰው ባዶ ቲዩብም መደርደሪያዬ ላይ አያድርም።