የሪያሉን ብር ከሱቁ ብር ስንለይ፦ የባልትና ሱቃችን የስድስት ወር መዝገብ

ደሴ ውስጥ ትንሽ የባልትና ሱቅ አለን። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን፣ ኮረሪማ እንሸጣለን። ሱቁ የእናቴ ነው። ከጎኗ እኔና አንዲት የምታግዘን ልጅ አለን። ታላቅ እህቴ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ሱቁ በተከፈተ ጊዜ የመጀመሪያውን ኪራይና የመጀመሪያውን የበርበሬ ዛላ የከፈለችው እሷ ናት። ዛሬም በወር ወይም በሁለት ወር አንዴ ትልካለች።

ደብተር የያዝኩት ጥር 1 ቀን 2017 ነው። ምክንያቱ እማዬ የነገረችኝ አንድ ነገር ነበር። «ዘንድሮ ሱቁ እጥፍ ሆኗል» አለችኝ፤ ደስ ብሏታል። እኔ ግን ደንበኞቹን አውቃቸዋለሁ። እነዚያው ሰዎች ናቸው፣ የሚገዙትም ያንኑ ሩብና ግማሽ ኪሎ ነው። ታዲያ እጥፍ የሆነው ምንድን ነው?

የባንክ መልእክቶቹን ወደ ኋላ ሳይ መልሱን አገኘሁት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሬ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት እህቴ 1,000 ሪያል ስትልክ የሚደርሰን 15 ሺህ ብር አካባቢ ነበር። ጥር ላይ ያው 1,000 ሪያል 33,500 ብር ሆኖ ገባ። እሷ አንድ ሪያል አልጨመረችም። ሱቁም አላደገም። ሁሉም ብር አንድ መሳቢያ ውስጥ ስለሚገባ ግን እማዬ ማታ ማታ ስትቆጥር የምታየው የሞላ መሳቢያ ነው።

ስለዚህ ሦስት የተማሪ ደብተር ገዛሁ። አንዱ የሱቁ ነው፦ ቀን፣ ምን እንደሆነ፣ የገባ፣ የወጣ፣ ቀሪ። ሁለተኛው የቤቱ ነው። ሦስተኛውን «የሪያድ ደብተር» አልነው። እሱ ላይ የደረሰበትን ቀን፣ ማን እንደላከው፣ በሪያል ስንት እንደነበር፣ በብር ስንት እንደገባና ላኪው ለምን እንዳለው እጽፋለሁ። የመጨረሻው ዓምድ «የት ሄደ» ነው። ሪያሉንና ብሩን ጎን ለጎን መጻፍ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ምንዛሬው ሲለዋወጥ የእህቴ ልገሳ የጨመረ ወይም የቀነሰ እንዳይመስለን ያደረገን እሱ ነው።

በሱቁ ደብተር የ«ገባ» ዓምድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጻፈው፤ ደንበኛ ዕቃ ወስዶ የከፈለው። የምጠራጠርበት ብር ሲመጣ ራሴን እንዲህ እጠይቃለሁ፦ ዛሬ አንድም ደንበኛ ባይገባ ይህ ብር ይመጣ ነበር? ይመጣ ከነበረ ሽያጭ አይደለም።

አሁን የጥርን ሂሳብ እንዳለ ላሳያችሁ።

የወሩ ሽያጭ 58,400 ብር ነበር። ከእህቴ 33,500 መጣ። በመሳቢያው አይን ሲታይ 91,900 ገብቷል ማለት ነው። ለዕቃ መግዣ 44,800 አወጣን። ለኪራይ 4,000፣ ለወፍጮ 2,600፣ ለልጅቷ ደሞዝ 3,000፣ ለፌስታልና ለትራንስፖርት 1,300፤ ይህ አንድ ላይ 10,900 ነው። ለቤት ደግሞ የእማዬን የስኳር መድኃኒት ጨምሮ 16,000 ወጣ። መሳቢያው ውስጥ 20,200 ተረፈ። እማዬ «ተረፈን» ያለችው ይህንን ነው፤ ብሩ እውነትም እዚያው አለ።

አሁን የእህቴን ብርና የቤቱን ወጪ ወደየደብተራቸው እንውሰዳቸው። ለሱቁ ብቻ የሚቀረው 58,400 ሲቀነስ 44,800 ሲቀነስ 10,900 ነው፤ 2,700 ብር። እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ትንሽም ብትሆን ትርፍ አለ ብዬ። ግን መደርደሪያው ከወሩ መጀመሪያ ይልቅ ሳስቶ ነበር። ጥር 1 ላይ ያለንን ዕቃ በገዛንበት ዋጋ ቆጥሬ 36,000 ብር ብዬ ጽፌ ነበር። ጥር 30 ማታ ስቆጥር 32,000 ሆነ። የ4,000 ብር ዕቃ ሸጠናል፣ ግን አልተካነውም። 2,700 ላይ እሱን ስቀንስ ሱቁ 1,300 ብር ከስሯል።

እማዬን ለማስረዳት ሁለት ማታ ፈጀብኝ። ያመነችው ብሩን ራሱን በሦስት የዱቄት ወተት ጣሳ ከፋፍዬ ሳሳያት ነው። የእህቴን ጣሳ ሳነሳው ከሱቁ ጣሳ ለቤት የሚወጣ እንደሌለ በዓይኗ አየች። ዝም ብላ ቆየችና «እኔ እኮ ልጄን ነው ስበላ የከረምኩት» አለች። ያን ቀን ደብተሩን ዘግቼ ሻይ አፈላሁ። ነገሩ ከባድ ነው። ለእናት የሱቁ ገንዘብ የራሷ ድካም ነው፤ ከልጅ ገንዘብ ጋር መለየቱም ያማል።

በማግስቱ ኪሳራው ከየት እንደመጣ መፈለግ ጀመርን። ያገኘነው በርበሬው ላይ ነው። እማዬ የምታሰላው እንዲህ ነበር፦ የዛላው ኪሎ 450፣ ለቅመም መቶ ብር፣ ስለዚህ 550 ይወድቃል፣ በ650 ስሸጠው መቶ አተርፋለሁ። አንድ ዙር ከዛላ እስከ ዱቄት በሚዛን ተከተልኩት። 20 ኪሎ ዛላ በ9,000 ብር ገዛን። ግንዱ ተቀንጥሶ፣ የተበላሸው ተለቅሞ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ 16 ኪሎ ሆነ። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱና ጨው 2,700 ብር ፈጀ። ወፍጮው 400። የተፈጨው ሲመዘን 18 ኪሎ ተኩል ወጣው። 12,100 ብር ለ18.5 ሲካፈል ኪሎው 654 ብር ይወድቃል። በየኪሎው 4 ብር እየመረቅን ነበር የምንሸጠው። ሱቁን ደግፎ ያቆየው ሽሮው ነው። ይህንን ያለ እህቴ ብር ቢሆን ኖሮ በሁለት ወር ውስጥ እናየው ነበር፣ ዛላ መግዣ እናጣ ስለነበር። የእሷ ብር ቀዳዳውን እየደፈነ ሸሸገብን።

የካቲት ላይ በርበሬውን 740 አደረግነው። ሁለት ደንበኞች ተቆጡ፣ አንዷ ቀረች።

ሌላው የተማርኩት ነገር ከእህቴ ጋር የተያያዘ ነው። «ስጦታ» የሚለውን ቃል የጻፍኩት ሳልጠይቃት ነበር። ጥር ላይ ከላከችው ብር 10,000 ለመድኃኒት፣ 23,500 ደግሞ ለዛላ እንደሆነ በኢሞ ነግራን ነበር። እኔ ሁለቱንም ስጦታ ብዬ መዘገብኩ። የካቲት ላይ ደውላ «የኔ ድርሻ ስንት ደረሰ?» አለችኝ። ደነገጥኩ። ብሩ ለእማዬ የልጅ ስጦታ ነው። ለእሷ ግን ስትመለስ የምትገባበት ሱቅ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ማንም ማንንም አልዋሸም። ተጽፎ አያውቅም እንጂ።

ከዚያ በኋላ ብር በገባ ዕለት እንጠይቃታለን፣ ሳያድር። «እታለም፣ ይሄ ለእማዬ ነው፣ ለሱቅ ድርሻሽ ነው፣ ወይስ የምንመልሰው ብድር ነው?» መልሷን በራሷ ቃል እጽፈዋለሁ፤ የድምፅ መልእክቱንም አላጠፋውም። ያለፈውንም ለመለየት ሞክረናል። 14 ጊዜ ከላከችው የ9ኙን አስታወሰች። የቀሩትን 5 «ያልተለየ» ብዬ ለብቻ አስቀመጥኳቸው። በግምት ወደ አንዱ ብጨምራቸው ነገ ጠብ የሚያስነሳው ያ ግምት ይሆናል።

ረመዳን ደግሞ ሌላ ዓይነት ብር አመጣ። አጎቴ ከጅዳ ለዘካተል ፊጥርና ለሰፈር አቅመ ደካሞች አፍጥር ብሎ 12,000 ብር ላከ። ይህ ስጦታም አይደለም፣ ድርሻም አይደለም፣ የኛም አይደለም። አማና ነው፣ አደራ። ያለፈው ዓመት በመሳቢያው አልፎ ነበር፤ ስንት ለማን እንደደረሰ አሁን ማንም በእርግጠኝነት አይናገርም። ይህ በጣም ያሳፍረኛል። ዘንድሮ በፖስታ ለብቻው አስቀመጥኩት፤ ለማን ስንት እንደተሰጠም በሪያድ ደብተሩ የኋላ ገጽ ላይ ጻፍኩ። ከኢዱ ሦስት ቀን በፊት ፖስታው ባዶ ሆነ። የገጹን ፎቶ ለአጎቴ ላክሁለት።

መጋቢት ጥሩ ወር ነበር። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ተደራርበው ስለመጡ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከእኛ ሽሮና በርበሬ ይፈልግ ነበር። ሽያጩ 83,000 ገባ። ዕቃውን ቆጥሬ ወጪውን ቀንሼ ለሱቁ 6,200 ብር ተረፈው። ከእህቴ ብር አንድም ሳንቲም ሳይገባበት ማለት ነው። እማዬ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ።

ያልተስተካከለም አለ። ትልቁ ቴሌብር ነው። ደንበኞች ወደ እማዬ ስልክ ይከፍላሉ፣ ዘመድም በዚያው ይልካል። ማታ መልእክቱን አንድ በአንድ ሳላይ ካደርኩ ይደባለቃል። ከግንቦት ጀምሮ ሱቁ ላይ የኔን ቁጥር ለጠፍን፤ በእሱ የሚገባው ሽያጭ ብቻ ነው። ዘመድ በእማዬ ቁጥር ወይም በባንክ ይልካል። እስካሁን ሁለት የለመዱ ደንበኞች አሁንም ወደ እማዬ ይልካሉ፤ እነሱን በእጅ አስተካክላለሁ።

ለቤት የሚወሰደው ሽሮም አለ። «ከሱቃችን ሽሮ ልመዝገብ እንዴ?» ብላ እማዬ ሳቀች። ሚያዝያ ላይ መዘንኩት፣ በገዛንበት ዋጋ 1,150 ብር ነበር። አሁን በቤቱ ደብተር ወጪ ሆኖ ይጻፋል።

እህቴ ለቤት የላከችውን አንዳንዴ ለዛላ እናነሳለን። ዛላ የሚረክሰው ከህዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፣ ያኔ ብር ካልተያዘ ዓመቱን ሙሉ በውድ መግዛት ነው። ማንሳቱን አልከለከልኩም። ግን «ሱቁ ከቤት ተበደረ» ተብሎ በሁለቱም ደብተር ላይ ይጻፋል፤ ሲመለስም እንዲሁ። አሁን ሱቁ የቤቱ 7,000 ብር ዕዳ አለበት።

ሰኔ 30 ማታ ሱቁን ዘግተን የዓመቱን ቆጠራ እናደርጋለን። እህቴ በኢሞ ገብታ ልትከታተል ቃል ገብታለች። ከዚያ በፊት አምስቱን «ያልተለየ» መልእክቶች ከእሷ ጋር ቁጭ ብለን እንጨርሳቸዋለን፤ ዓርብ የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ ለዚያ ቀጥረናል።